ጤዛው የት ይረፍ? በቆየ የብሎኬት ቤት ላይ የሙቀት ማገጃ ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 12

ቤቱ በእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ተራ ቤት ነው። ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ። በሦስት ወገን ግቢ አለው፤ በአራተኛው ወገን ግን የጎረቤት አጥር ክንድ በማያስገባ ርቀት ተጠግቶታል። ይህ አራተኛው ወገን ብዙ ነገር እንደሚወስን ከወዲሁ ይታየኛል።

ሥራውን የቀሰቀሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብርዱ ነው፦ ንጋት ላይ መኝታ ቤቱ 14 ዲግሪ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ያው ክፍል 27 ዲግሪ። ሁለተኛው ኮርኒሱ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ቡናማ ነጠብጣብ ነው። አናጺው መሰላል ላይ ወጥቶ አየና «እትዬ፣ ምስማሮቹ ላልተዋል፣ ጣራው ያፈሳል» አለኝ። ዝናብ ከቆመ ሰንብቷል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ወር የሚያፈስ ጣራ አላመንሁም።

ኅዳር 17

ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የኮርኒሱን መውጫ ከፍቼ በባትሪ አየሁ። የቆርቆሮው የውስጥ ገጽ በሙሉ በውኃ ጠብታ ተሸፍኗል። ውኃው በምስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ አናጺው ልክ ነበር፤ ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ጠብታዎቹም በቆርቆሮው ሞገድ ዝቅተኛ መስመር ላይ ተሰብስበው ወደ እንጨቱ ይወርዳሉ። ትናንት ሌሊት ሰማዩ ደመናማ ነበር፤ ዛሬ ጥርት ያለ ነው። ትናንት ቆርቆሮው ደረቅ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየረጨ ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ደግሞ እኛ እንተነፍሳለን፣ እናበስላለን፣ ልብስ እናሰጣለን። ሁለት ሰው በሚተኛበት ክፍል በአንድ ሌሊት ከትንፋሽና ከገላ ብቻ ከግማሽ ሊትር በላይ ውኃ ወደ አየሩ ይገባል። ያ እርጥብ አየር ሞቃት ስለሆነ በቺፕውዱ መጋጠሚያዎች፣ በመብራት ቀዳዳዎችና በመውጫው ክዳን ዙሪያ እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ጣራው አያፈስም፤ ቤቱ ነው ወደ ጣራው የሚያፈስ።

መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ጥቁር ሻጋታም የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድም ነው። እዚያ የሚቀዘቅዘው ቆርቆሮ ሳይሆን ብሎኬቱ ነው። ስለዚህ ለጣራውም ለግድግዳውም የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ሆነ፦ ማገጃውን ባስገባ ቀዝቃዛው ገጽ ወዴት ይሄዳል? እርጥብ አየርስ ይደርስበታል ወይ?

ኅዳር 23

ለጣራው ሦስት አማራጮች ይዤ ዋጋ ጠየቅሁ።

የመጀመሪያው ከውጭ ነው፦ ቆርቆሮውን አንሥቶ በሁለት ላሜራ መካከል ፎም ያለበትን ሳንድዊች ፓነል ማልበስ። ለጤዛው ከሁሉ የተሻለው መልስ ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛው ላሜራ ከፎሙ ውጭ ይቀራል፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታም እንደ ክፍሉ ይሞቃል። የፓነሎቹ መጋጠሚያ በደንብ ካልታሸገ ግን ጤዛው እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ይጠብቃል። ቆርቆሮው ዝጎ ሊቀየር የደረሰበት ቤት ቢሆን ሳልጠራጠር ይህን እመርጥ ነበር። የእኔ ቆርቆሮ ገና ጤነኛ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አሸንዳውንና የግንባር ጣውላውን ጨምሮ ብዙ ነገር መነካት አለበት።

ሁለተኛው ከቆርቆሮው ሥር የሚለጠፍ፣ የሚያብረቀርቅ ፎይል ያለው ባለ አረፋ ፕላስቲክ ነው። ሻጩ በጣም ያወድሰዋል። ለቀን ሙቀት እውነት አለው፤ በቀትር የጋለ ቆርቆሮ ወደ ታች የሚልከው ሙቀት አብዛኛው ጨረር ስለሆነ፣ ከሥሩ ክፍት አየር እስካለ ድረስ የሚያብረቀርቅ ገጽ ይገታዋል። ሌሊት ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ በሚሄድበት ጊዜ ግን የሚነሣው ሞቃት አየር ራሱ ተሸካሚ ነውና ጥቅሙ በጣም ያንሳል። የእኔ ችግር ሌሊት ነው።

ሦስተኛው ከውስጥ ነው፦ ኮርኒሱ ላይ ከላይ በኩል ፋይበር ግላስ ማንጠፍ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ማገጃው ሙቀቱን ክፍሉ ውስጥ ሲያስቀረው ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ከበፊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ከቀሩ ጤዛው ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ ያ ሁሉ ውኃም ፋይበሩ ላይ ይወርዳል። «ኢንሱሌሽን አስገብተን ቤቱ በሰበሰ» የሚሉ ሰዎች ታሪክ አብዛኛው ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ሦስተኛውን መርጫለሁ፤ ነገር ግን በቅደም ተከተል፦ በመጀመሪያ ማሸግ፣ ቀጥሎ ከላይ አየር ማስገባት፣ ፋይበሩ በመጨረሻ።

ታኅሣሥ 2

ማሸጉ ከሁሉ አሰልቺው ሆነ። የቺፕውዱ መጋጠሚያዎች ሊስትሮ በሚባል ቀጭን መሸፈኛ ተሸፍነዋል፤ ሊስትሮ ግን ዓይንን እንጂ አየርን አያግድም። ከላይ በኩል እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሲሊኮን ሞላን፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ ደግሞ በሚነፋ ፎም ዘጋን። የመብራት ገመዶች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ተደፈኑ፣ የመውጫው ክዳንም የጎማ ጠርዝ ተሠራለት። በሚጨስ ዕጣን ፈተንሁት፦ ዕጣኑን ከሥር ስይዘው ጭሱ ወደ ስንጥቅ የሚሳብበት ቦታ ሁሉ ገና አልታሸገም ማለት ነው። አናጺው ሳቀብኝ፤ በኋላ ግን ዕጣኑን ተቀብሎኝ ራሱ ሳሎኑን ፈተነ።

ከዚያ የጣራው ክፈፍ በሁለቱም ተቃራኒ ወገኖች ተከፈተ፤ አይጥና ወፍ እንዳይገባ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ተመታበት። አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ መክፈቱ ዋጋ የለውም።

ታኅሣሥ 5

ፋይበሩ ገባ፤ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ጥቅል በሁለት ንጣፍ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መጋጠሚያ እንዲሸፍን አግድም። ክብደቱ በካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ እንኳ ስለማይሞላ ቺፕውዱ ይችለዋል። ጠቅጥቆ ማስገባት አያስፈልግም፤ ሙቀቱን የሚይዘው በክሮቹ መካከል ያለው አየር ነውና የተጨመቀ ፋይበር ብርድ ያሳልፋል። በክፈፉ በኩል የተከፈተውን የአየር መግቢያ እንዳይደፍነው አራት ጣት ያህል ክፍተት ተውን።

ሠራተኞቹ ነጩን ፖሊስታይሪን፣ ማለትም ለቴሌቪዥን ማሸጊያ የምናውቀውን ፎም፣ ኮርኒሱ ላይ ብናደርግ እንደሚረክስ ነግረውኝ ነበር። እምቢ ያልሁት ስለ እሳት ብቻ አይደለም። የተለመደው የኤሌክትሪክ ገመድ ፕላስቲክ ከፖሊስታይሪን ጋር ለዓመታት ሲነካካ ማለስለሻው ወደ ፎሙ እየሸሸ ገመዱ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ከኮርኒስ በላይ ደግሞ ገመድ በየቦታው አለ። በፋይበሩም ቢሆን ገመዶቹን ከሥር አልቀበርንም፤ ሙቀት ማውጣት ስለሚያስፈልጋቸው አንሥተን ከላይ በሞራሌው ላይ አሰርናቸው።

ታኅሣሥ 14

ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ውጭ 7 ዲግሪ። ቆርቆሮው ሥር ስስ ጤዛ አለ፤ የሚንጠባጠብ ግን የለም፤ ረፋድ ላይ ነፋሱ አድርቆታል። መኝታ ቤቱ 16 ዲግሪ። ከቀትር በኋላ የኮርኒሱ ገጽ ከዚህ በፊት 36 ይል ነበር፤ ዛሬ 25 ነው። ክፍሉ ራሱ 23 ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ማሞቂያ በሌለው ቤት ማገጃ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን ይይዛል እንጂ። ቀን በጣራው ይገባ የነበረውን ሙቀት ስለዘጋሁት በሌላ መንገድ መግባት አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡቡን መስኮቶች መጋረጃ ከረፋድ ጀምሮ እንከፍታለን።

ሌላው ጉዳይ ከሰል ነው። ቡና በከሰል ምድጃ እየፈላ በር ዘግቶ መቀመጥ ድሮም አደገኛ ነበር፤ ስንጥቆቹን ከደፈንን በኋላ ደግሞ የከሰሉ ጭስ አልባ መርዝ መውጫ አጥቷል። ምድጃው ከዛሬ ጀምሮ በረንዳ ላይ ነው። እናቴ ቅር ብሏታል፤ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርሁም።

ታኅሣሥ 24

ወደ ግድግዳው። ከመወሰኔ በፊት ወረቀት ላይ አሰላሁት፤ ስሌቱ ብዙ አይደለም።

ንጋት ላይ ክፍሉ 16 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ፣ ውጭ 7 ዲግሪ እንበል። እንዲህ ያለ አየር 10.5 ዲግሪ አካባቢ ያለ ገጽ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። የተለሰነው ብሎኬት አሁን ባለበት ሁኔታ የውስጥ ገጹ 13 ዲግሪ ነው። ጤዛ አይሆንም፤ ነገር ግን ግድግዳውን በሚነካው አየር ውስጥ እርጥበቱ ከ80 በመቶ ያልፋል፤ ሻጋታ ለመብቀል ይህ ይበቃዋል። ከቁም ሣጥን ጀርባና ጥግ ላይ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት በደንብ ስለማይደርስ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሻጋታው ቦታውን የመረጠው በዚህ ነው።

አሁን 5 ሳንቲ ሜትር ፖሊስታይሪን እንጨምር። ከውጭም ይለጠፍ ከውስጥ፣ በግድግዳው የሚያልፈው ሙቀት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ በዚህ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ብሎኬቱ በየትኛው ወገን መቅረቱ ላይ ነው። ከውጭ ስንለጥፍ ብሎኬቱ በውስጥ በኩል ይቀርና ወደ 15 ዲግሪ ይሞቃል፤ ጤዛ የሚያርፍበት ቦታ የለም። ከውስጥ ስንለጥፍ ብሎኬቱ ለብርዱ ተጋልጦ ይቀራል፤ ከፎሙ ጀርባ ያለው ገጹ ወደ 8.4 ዲግሪ ይወርዳል። ከ10.5 በታች ነው። በፎሙ ጠርዝ ወይም በሶኬት ቀዳዳ ትንሽ የክፍል አየር ከሾለከ ጤዛው እዚያ፣ ማንም በማያየው ቦታ ይሆናል።

ከውጭ መለጠፍ ሌላም ጥቅም አለው። ብሎኬቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ለክፍሉ ይመልሳሉ፤ ከውስጥ ሲታገድ ግን ያ ከባድ ግድግዳ ከክፍሉ ይለያል። ቢሙን፣ ዓምዶቹንና የውስጥ ግድግዳዎች ከውጪው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ ከውጭ አንድ ልብስ ይሸፍናቸዋል፤ ከውስጥ ግን እያንዳንዱ መገናኛ የብርድ በር ሆኖ ይቀራል። ከውስጥ መሥራት የሚመረጠው ውጭው ሲከለከል ነው፦ የድንጋይ ገጽ ያለው ቤት፣ ኮንዶሚኒየም፣ ወይም እንደ እኔ አራተኛ ግድግዳ። ለሳምንት መጨረሻ ብቻ የሚከፈት ቤትም እንዲሁ፤ ከባዱን ብሎኬት ሳይጠብቅ ክፍሉ ቶሎ ይሞቃልና።

ጥር 7

ሦስቱን ወገን ከውጭ ጀመርን። ግንበኛው ጎልማሳ ሰው ነው፣ እጁ የታመነ፤ የተከራከርነው ማጣበቂያው ላይ ብቻ ነው። እሱ የሴራሚክ ሰው ስለሆነ በየፎሙ ጀርባ አምስት ጉብታ አድርጎ መለጠፍ ፈለገ። «ጋሼ፣ ዙሪያውንም ያክሉልኝ» አልሁ። ጉብታ ብቻ ከሆነ በፎሙና በግድግዳው መካከል አየር ከታች ወደ ላይ እንደልቡ ይመላለሳል፤ ያኔ ፎሙ ቀዝቃዛ አየር ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ሳይቋረጥ፣ መሐል ላይ ሦስት ጉብታ፤ በዚህ ተስማማን።

የድሮው ቀለም ይረግፍ ስለነበር ተፋቀ፤ ማጣበቂያ የሚይዘው ልስኑን እንጂ የረገፈ ቀለም አይደለም። የመጀመሪያው ረድፍ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጀመረ፤ ዝናብ የሚረጨው ጭቃ እዚያ ድረስ ነው፤ ምስጥም ፎም ውስጥ መንገድ መሥራት ይወዳል። የታችኛው ጠርዝ በብረት ተዘጋ። ረድፎቹ እንደ ብሎኬት አሰራር መጋጠሚያቸው ተፈራረቀ፤ በመስኮት ማዕዘን ላይ ግን መጋጠሚያ እንዳያርፍ ፎሙ በካሬ ማዕዘን ተቆርጦ ዞረ። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ረጅም የፕላስቲክ ፊሸር ተመታ።

የተለጠፈው ፎም ሳይለሰን መሰንበት የለበትም። በዚህ ከፍታ ያለ ፀሐይ ጨካኝ ነው፤ የምዕራቡ ወገን ልስኑ ሲዘገይ ገጹ ቢጫ ሆነና በእጅ ሲዳሰስ ዱቄት ተወ። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እስኪነጣ ድረስ ልስን አልተፈቀደለትም።

ጥር 19

ልስኑ ከተለመደው የተለየ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ አይጫንበትም። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስስ ንብርብር፣ ውስጡ አልካሊ የማይበላው የፋይበር መረብ። መረቡ በፎሙ ላይ ተዘርግቶ ከላዩ ሲለሰን ሥራ የለውም፤ በመጀመሪያ ልስኑ ይቀባል፣ መረቡ እርጥቡ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ስስ ሁለተኛ ንብርብር። የመረብ መጋጠሚያ 10 ሳንቲ ሜትር ይደራረባል። በእያንዳንዱ መስኮት ማዕዘን ላይ በሰያፍ አንድ ቁራጭ መረብ ይጨመራል፤ ያለዚያ ስንጥቁ ከዚያ ማዕዘን በሰያፍ እንደሚጀምር ማንኛውንም የከተማችንን ሕንፃ አይቶ መናገር ይቻላል።

በጋ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልስኑ ቶሎ እንዳይደርቅ የምሥራቁን ወገን ከቀትር በኋላ፣ የምዕራቡን ጠዋት ሠራን፣ ምሽት ላይም ውኃ ረጨን። ቀለሙ ፈካ ያለ ክሬም ነው። ጥቁር ግራጫ አምሮኝ ነበር፤ ከጀርባው ሙቀት የሚጠጣለት ግድግዳ ስለሌለ ስሱ ልስን በፀሐይ ግሎ በምሽት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ዋጋ ሲሰላ የማይቆጠረው ጥቃቅኑ ነው። ግድግዳው በመወፈሩ የመስኮት ደፎች ሁሉ አጠሩ፤ ከታች የውኃ ማንጠባጠቢያ ቦይ ያላቸው አዲስ ደፎች ተሠሩ። የአሸንዳ ቱቦዎች ወደ ውጭ ተገፉ፤ የመስኮት ፍርግርጎች ተፈትተው ተመለሱ። የመስኮቱ ጎን ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ስለማይገባ 2 ሳንቲ ሜትር ለጠፍን፤ ባዶ ከተተወ ብርዱ በብረቱ ፍሬም ዙሪያ ይገባል።

የካቲት 4

አራተኛው ግድግዳ፣ ከውስጥ። መጀመሪያ የሚጣራው ግድግዳው ደረቅ መሆኑ ነው፤ ከውስጥ የታገደ ግድግዳ ስለሚቀዘቅዝ የገባበትን ውኃ ቶሎ አያደርቅም። አንድ ካሬ ሜትር ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቄ ቆየሁ። ጠብታው ከፕላስቲኩ ጀርባ ቢሆን ውኃው ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ ወገን ቢሆን ከእኛ ነው። ከወለሉ አጠገብ ጀርባው እርጥብ ሆነ። ምክንያቱ ከአጥሩ ጋር ባለው ጠባብ ክፍተት የተጠራቀመ አፈርና ቅጠል ነበር፤ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረን በረጅም እጀታ አካፋ ተጠረገ፣ ውኃውም መውረጃ አገኘ። ዳግም ፈተናው ደረቅ እስኪል ጠበቅሁ።

ከዚያ 5 ሳይሆን 3 ሳንቲ ሜትር ፎም ተለጠፈ። የብሎኬቱ ገጽ አሁንም ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ ውፍረቱ ሳይሆን አየር አለመሹለኩ ነው የሚያድነው። ማጣበቂያው በጉብታ ሳይሆን በሙሉ ገጹ ተቀባ፤ መጋጠሚያዎቹ በሚነፋ ፎም ተሞሉ፤ ዙሪያው በሲሊኮን ታሸገ። በዚያ ግድግዳ ላይ የነበሩት ሁለት ሶኬቶች ወደ ጎን ግድግዳ ተዛወሩ፤ የሶኬት ሣጥን ማለት የታሸገ ገጽ ላይ የተቆረጠ መስኮት ነው። ገመዱም ፎሙን እንዳይነካ በቱቦ ገባ። ከላዩ ጂፕሰም ቦርድ ተለበሰ፤ እሳትንም የሚከላከለው እሱ ነው። በጎን ግድግዳዎቹም ላይ ከጥጉ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ፎሙ ዞረ፤ ቅዝቃዜው በዚያ ጥግ ዞሮ እንዳይገባ። ክፍሉ ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ ጠበበ፤ ቁም ሣጥኑ ወደ ሌላ ግድግዳ ሄደ።

የካቲት 18

ዛሬ ንጋት ውጭ 8 ዲግሪ፣ መኝታ ቤቱ 18። ውጪያቸው የለበሱት ግድግዳዎች በእጅ ሲነኩ ከክፍሉ አየር ጋር አይለያዩም። ጠዋት መስኮቶችን በሁለቱም ወገን ለአጭር ጊዜ ሰፋ አድርገን እንከፍታለን፤ እርጥበቱ ከ70 ወደ 50ዎቹ ይወርዳል፣ ግድግዳው ስለሞቀ ብርዱ ቶሎ ይለቃል።

ከውስጥ የታገደው ግድግዳ ላይ፣ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ፣ በጎማ ክዳን የተዘጋ የመመልከቻ ቀዳዳ እስከ ብሎኬቱ ድረስ አስተርፌአለሁ። የእርጥበት መለኪያዋ ቀጭን ዘንግ በልክ ትገባበታለች፤ ዛሬ 74 በመቶ አለች። በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ እለካለሁ፤ ከ85 በላይ ከሰነበተ ጂፕሰሙ ተነሥቶ የት እንደሚሾልክ ይፈለጋል። የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ የዘይት ቀለም ገና አልተቀባም፤ አናጺው ማክሰኞ ይመጣል።